የሌስሊ ማትሪክስ፦ አይገንቫልዩው ከ1 በታች ሆኖ መንጋው ለምን ጨመረ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ዙሪያ ያለ መንጋ 100 እንስት ፍየሎች አሉት፤ 20 ግልገል፣ 50 የአንድ ዓመት፣ 30 የሁለት ዓመት። ከታች ባለው ማትሪክስ ሳሰላ ትልቁ አይገንቫልዩ 0.915 ወጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ቁጥሩ 120 ደረሰ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?»

```
0    0.8  1.0
0.5  0    0
0    0.8  0
```

አልተሳሳቱም። የሌስሊ ማትሪክስ በመጀመሪያው ረድፍ በየዕድሜው ያለች አንዲት እንስት በዓመት የምትወልዳቸውን ግልገሎች፣ በሌሎቹ ረድፎች ደግሞ በሕይወት ወደ ቀጣዩ ዕድሜ የሚሻገሩትን ድርሻ ይይዛል። 0.915 የሚነግርዎ የሚቀጥለውን ዓመት ሳይሆን፣ የዕድሜ ድርሻው ከረጋ በኋላ መንጋው በየዓመቱ በስንት እንደሚባዛ ነው።

የእርስዎ መንጋ ሲነሣ ከ100ው 80ዎቹ ለመውለድ የደረሱ ስለነበሩ በአንድ ጊዜ 70 ግልገል ተወለደ። ነገር ግን ከቀድሞዎቹ 20 ግልገሎች ወደ ቀጣዩ ዕድሜ የተሻገሩት 10 ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት የወላጅ እጥረት ይመጣና መንጋው ወደ 91 ይወርዳል፣ ከዚያም 88፣ ቀጥሎም 84 ገደማ ይሆናል። ማባዛቱን ከቀጠሉ ድርሻው ወደ 49፣ 27 እና 24 በመቶ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ የሁለት ተከታታይ ዓመታት ጥምርታ 0.915 ላይ ይቆማል፣ መንጋውም በ8 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ደግመው ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ረድፍ መያዝ ያለበት እንስት ግልገሎችን ብቻ ነው። እኔ በአንድ ወቅት ወንዶቹንም ጨምሬ ቆጥሬ ነበር፤ በእርስዎ ማትሪክስ ያ ስሕተት 0.8ን 1.6፣ 1.0ን ደግሞ 2.0 ያደርግና አይገንቫልዩው ወደ 1.21 ይዘላል፤ እየመነመነ ያለ መንጋም በወረቀት ላይ በየዓመቱ በ21 በመቶ የሚያድግ ይመስላል።