ጸሐፊውና ሰብሳቢው ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርቧቸው ሁለት ሪፖርቶች

ውድ ወጣቶች፣

ልደታም ሆነ አራት ኪሎ፣ በኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ወይም ሰብሳቢ ሆናችሁ ከተመረጣችሁ ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ማቅረባችሁ አይቀርም። በብዙ ስብሰባ ጸሐፊው ያነበበውን ሰብሳቢው መልሶ ያነበዋል፤ አባሉም ሰልችቶት መጠየቅ የሚገባው ሳይጠየቅ ይቀራል። የጸሐፊው ሪፖርት ምን እንደተወሰነና ከምን እንደደረሰ ይናገር። የሰብሳቢው ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደሆነና አሁን ከጉባኤው ምን እንደሚፈለግ።

ጸሐፊው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን ይዞ በአባላት ቁጥር ይጀምራል። ዓመቱ ሲጀመር 212 ነበሩ እንበል፤ 14 ገቡ፣ 6 ለቀቁ፣ 2 በሞት ተለዩ፤ ስለዚህ 218 ናቸው። ይህን ቁጥር ከገንዘብ ያዡ የመዋጮ መዝገብ ጋር ሳታመሳክሩ አታቅርቡ። እሱ ዘንድ 225 ከተገኘ፣ ቤታቸውን ሸጠው የሄዱ ሰዎች ስም ሳይሰረዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደንባችሁ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው የሚል ከሆነ፣ ለ218 አባላት 110 ሰው ይበቃል፤ ለ225 ግን 113 ያስፈልጋል። 111 ሰው በመጣበት ቀን የጉባኤው ሕጋዊነት ራሱ ክርክር ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ አውጡና እያንዳንዱን ውሳኔ እንደተጻፈ ገልብጡ፤ ከጎኑ ተፈጽሟል፣ በሂደት ላይ ነው፣ አልተፈጸመም ብላችሁ ከነምክንያቱ አስፍሩ። የሪፖርቱ ዋና አካል ይህ ነው። «የውሃ ፓምፑ ይቀየር» ተብሎ ከነበረ «ጥረት እየተደረገ ነው» መልስ አይሆንም። «ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፤ ዝቅተኛው ዋጋ 115 ሺህ ብር ሲሆን የተፈቀደው 80 ሺህ ስለሆነ ግዢው ጥር ላይ ቆሟል» ብትሉ ግን አባሉ የሚጠይቀውን ያውቃል።

ሰብሳቢው ነገሩን የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን አይደግምም፤ ኮሚቴው ከተፈቀደለት በላይ ማውጣት ስላልቻለ መቆሙን ያስረዳል፣ ከዚያም የጎደለው 35 ሺህ ብር ከመጠባበቂያ ይውጣ ወይስ ተጨማሪ መዋጮ ይጣል ብሎ ለጉባኤው ያቀርባል። ስለዚህ የእሱ ሪፖርት የሚጻፈው የጸሐፊው ካለቀ በኋላ ነው፤ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ጥያቄው ግን ከጥሪው ጋር በተላከው አጀንዳ ላይ መስፈር አለበት። በዕለቱ ድንገት ከመጣ፣ ያልተገኘ አባል ነገ «ሳልሰማ ተወሰነብኝ» ብሎ ይሟገታል፤ እውነትም አለው።

የገንዘብ ዝርዝሩን ለገንዘብ ያዡና ለኦዲተሩ ተዉላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሰብሳቢው ሪፖርት ላይ ውይይት ሲከፈት መድረኩን ምክትሉ ይምራ። ሰብሳቢው ራሱ ዕድል ሰጪም መላሽም ከሆነ፣ ቅሬታ ያለው አባል እጁን ለማንሣት ይቸገራል።