ጥላው የአንድ ፀሐይ ነው? ሰው ስለተቀጠለበት ፎቶ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ ከቆሙት አራት ሰዎች የአንዱ ጥላ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አንዱ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ ተቀጥሏል ማለት ነው?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይባልም። መሬት ላይ ትይዩ የሆኑ ጥላዎች ፎቶ ውስጥ እንደ ባቡር ሐዲድ እየጠበቡ ወይም እየሰፉ ይሄዳሉ። ይልቅ የእያንዳንዱን ሰው አናት ከአናቱ ጥላ ጋር በቀጥተኛ መስመር አገናኝና መስመሩን አስረዝመው። ፀሐይ ከፊት ካለች መስመሮቹ ሁሉ ወደ ላይ ሄደው እሷ ላይ ይገናኛሉ፤ ከካሜራው ጀርባ ካለች ወደ ታች፣ በጥላው በኩል ይገናኛሉ። ልክ ከጎን ከሆነች ግን ትይዩ ሆነው ይቀራሉ። መገናኛው ብዙ ጊዜ ከፎቶው ውጪ ስለሚውል፣ GIMP በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ `Image > Canvas Size` ገብተህ ዙሪያውን አስፋ። ሦስቱ አንድ ቦታ ተገናኝተው አራተኛው ርቆ ካለፈ፣ እሱን ጠርጥር።

ጥያቄ፦ ጥላው ሣር ላይ ስለወደቀ አናቱ የት ጋ እንደሚያልቅ አልለይ አለኝ።

መልስ፦ አትገምት። የአናቱ ጥላ ሊሆን ከሚችለው ቦታ ግራና ቀኝ ዳር ተነስተህ በአናቱ በኩል የሚያልፉ ሁለት መስመሮች አስምር። በመሃላቸው እንደ ሽብልቅ ያለ ቦታ ይከፈታል፤ መገናኛው እዚያ ውስጥ ነው። የአራቱም ሰዎች ሽብልቅ የሚጋሩት ቦታ ከሌለ ፎቶው ላይ ችግር አለ። በጣም ሰፊ ሽብልቅ ግን ምንም አይነግርህም፤ ያኔ የባርኔጣ ጫፍ ወይም የክርን ጥላ ፈልግ።

ጥያቄ፦ የፎቶ አንሺው ጥላ ከታየ እኮ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፤ መገናኛው ጭንቅላቱ ላይ ነው።

መልስ፦ ግማሹን አግኝተኸዋል። መገናኛው የጭንቅላቱ ሳይሆን የሌንሱ ጥላ ነው። ስልኩን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ያነሳ ሰው ከሆነ፣ ጭንቅላቱን ይዘህ ብትሄድ እውነተኛውን ፎቶ ሐሰት ትለዋለህ።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ያነሳሁት የሠርግ ፎቶ ላይ መስመሮቹ አልገጠሙም! በፓኖራማ ነው ያነሳሁት።

መልስ፦ ምክንያቱ ፓኖራማው ነው እህቴ፤ ቀጥ ያለውን ነገር ያጎብጣል። መጀመሪያ የሕንፃ ጠርዝ ወይም የአጥር ብረት ቀጥ ብሎ መታየቱን ያረጋግጡ፤ ከጎበጠ ይህን ፍተሻ አይጠቀሙ። ሰዓቱም ይወስናል፦ አዲስ አበባ ውስጥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው እግር ሥር ይሰበሰባል። ነጥቦቹ ስለሚቀራረቡ ትንሽ ስህተት መስመሩን ሩቅ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ ሁሉም መስመር ከገጠመ ፎቶው ንጹሕ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሰውየው ፀሐይ በዚያው አቅጣጫ እያለች ተነስቶ ከተቀጠለ ያልፋል። ያኔ የጥላውን ጠርዝ አጉልተህ እይ፤ ጥላ ጣዩ አካል ጥላው ካረፈበት ቦታ በራቀ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ጠርዙ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደበዝዛል። ጫማው ጋ ስለት፣ አናቱ ጋ ለስላሳ መሆን አለበት። በብሩሽ የተሳለ ጥላ ብዙ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ ስስ ደመና ካለስ?

መልስ፦ ጠርዙ ከዚያ በላይ ይደበዝዛል፤ በምን ያህል እንደሆነ ከፎቶው ብቻ መለየት አይቻልም። እንዲህ ባለው ፎቶ ላይ በጠርዝ ብቻ አልፈርድም።