በእቁብ ዕጣ አክሲዮን መግዛት

«አዳማ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ። 20 ሰው ሆነን በወር 5,000 ብር እቁብ እንጥላለን፤ 3ኛው ዕጣ ለኔ ወጣ። 100,000ውን የባንክ አክሲዮን ልግዛበት ወይስ እቁቡ ይበልጣል?»

እህቴ፣ እቁቡንማ በልተሽዋል። የጣልሽው 15,000 ነው፤ የቀረው 85,000 ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ በ17 ወር ትከፍይዋለሽ። 20ኛው ዕጣ የሚደርሰው ሰው ግን ቆጣቢ ነው። በየወሩ የሚጥለውን በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢያስቀምጥ እስከዚያ 5,500 ብር ገደማ ያገኝ ነበር። እናንተ ቀድማችሁ የበላችሁት እሱ የተወውን ነው።

1. ትርፉን በገዛሽበት ዋጋ አስይው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባንኩ «20 በመቶ ከፈልኩ» ሲል በአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ ላይ ነው። የተጻፈው 1,000፣ አንቺ ከሌላ ባለአክሲዮን የገዛሽው በ1,400 ቢሆን፣ በ100,000 ብር 71 አክሲዮን ይደርስሻል። ለእያንዳንዱ 200 ብር ነው፤ ጠቅላላው ግብር ሳይነሳ 14,200 ብር። 20 በመቶ ያልሽው ግብሩ ሳይነሳ 15 እንኳ አልሞላም።

2. ብሩ የሚመጣበትን ቀን እይ። የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው በዓመት አንዴ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ካጸደቀ በኋላ ነው። ባንኮች ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን እንዲያደርሱ ከታዘዙ ወዲህ ደግሞ በጥሬው ፋንታ ተጨማሪ አክሲዮን የሰጡ አሉ። የእቁቡ ዳኛ ግን በየወሩ 5,000 ይፈልጋል፤ አክሲዮን ልስጥህ አትይው! ሱቁ ሁለት ወር ከቀዘቀዘብሽ የሚጠራው ዋስሽ ነው። ያን ጊዜ ልሽጥ ብትይ ገዢ ፈልጎ፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ፣ ባንኩ መዝገብ ላይ ስም እስኪዛወር ሳምንታት ያልፋሉ። ጥር 2017 ሥራ የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ይህን ያቀላል፤ ነገር ግን እዚያ የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው፣ ተመዘገበ ማለትም በፈለግሽው ዋጋ ገዢ ቆሞ ይጠብቅሻል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሱቅሽ እቃ የሚያስፈልገው ከሆነ ዕጣውን እቃ አድርጊው፤ በየሳምንቱ ተሸጦ ወርሃዊውን ይከፍላል። ካላስፈለገሽ ዕጣውን ለቸኮለ ሰው ሽጪ፤ አክሲዮኑን የሱ ተራ ሲደርስ፣ ዕዳው ሊያልቅ ሲል ትገዢያለሽ። ከ18ኛው ጋር ብትለዋወጪ 100,000ው 15 ወር ይዘገይብሻል። በ7 በመቶ ይህ 8,750 ብር ነው፤ ከዚያ በታች አትቀበይ። ዳኛውና ጸሐፊው መዝገብ ላይ ይለውጡት፣ ያንቺም የሱም ዋሶች ይፈርሙ።

አክሲዮን የግድ 100,000 አይጠይቅም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ሲሸጥ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን በ300 ብር፣ 9,900 ብር ነበር። ገንዘብሽን ከሌሎች ጋር ሰብስበን እናሠራልሽ የሚል ፈንድ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያገኘውን ፈቃድ ያሳይሽ፤ ቀጥሎ ገንዘቤን ልውሰድ ስል በስንት ቀን ትመልሳላችሁ በይው።