በወንድሜ ስም የመዘገብኩት ዕዳ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የሂሳብ ባለሙያ፣ «እናቴ ከእኔ አብልጣ ያሳደገችውን ወንድሜን እንዴት ይቅር ልበለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም፤ ጥያቄው ደሴ ድረስ ይዞኝ ሄዶ ነበርና።

እኔ በረባሶ ተጫምቼ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስመላለስ፣ በስድስት ዓመት የምበልጠው ታናሽ ወንድሜ ወርኃዊ ክፍያ ወደሚጠየቅበት ትምህርት ቤት ተላከ። በ1964 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ሰሞን እናታችን ከፒያሳ ቡናማ የቆዳ ጫማ ገዛችለት። ጫማው ስለሰፋው ጫፉ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቃ አጠለቀችለትና፣ ጭቃ እንዳይነካው አዝዬው እንድሄድ አዘዘችኝ። ጀርባዬ ላይ ሆኖ እግሩን ባወዛወዘ ቁጥር የጫማው ተረከዝ ጎኔን ይመታኝ ነበር።

እናታችን በ2005 ዓ.ም. አረፈች። አርባዋ ወጥቶ ቤቱን ለመካፈል ሽማግሌዎች ፊት ስንቀመጥ፣ ከቦርሳዬ ሁለት ገጽ ዝርዝር አወጣሁ። የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ ልብሱ፣ የሐኪም ወጪው፣ ያ ጫማ ሳይቀር ተጽፎ ተደምሯል። ከድርሻው ይቀነስልኝ አልኩ። የእኔ እኩያ የሆነው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይውረሱ ይላል፤ ከወንድሜ ጋር እኩል የተቆጠርኩበትን አንድ ቦታ በገዛ እጄ አፈረስኩት። ወንድሜ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበበና ብዕር ተውሶ ፈረመ።

የዚያን ዕለት ማታ አክስታችን፣ እናቴ በሁለታችን መካከል የተወለደችውን እህታችንን በኩፍኝ ከቀበረች ወዲህ፣ እሱ ባሳለ ቁጥር እንቅልፍ ታጣ እንደነበር ነገረችኝ። የእህታችንን ሞት አውቅ ነበር፤ ከጫማው ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። ይህ አድልዎውን ትክክል አያደርገውም፤ እኔም ልጅ ነበርኩ።

በሙያዬ፣ በተሳሳተ ሰው ስም የተመዘገበ ዕዳ ቢሰበሰብም ሂሳቡን አይዘጋም። ያዳላችው እናቴ ነበረች፤ ገንዘቡን የተቀበልኩት ግን ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ከነበረው ሰው ነው። እሷን በሕይወት ሳለች አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ወላጆቻችሁ ካሉ ጠይቋቸው፤ «ሁልጊዜ ታዳላላችሁ» ብላችሁ ሳይሆን፣ ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ጫማ ጠይቁ። የዛሬ ወጣቶች ከመጠየቅ ይልቅ ስልክ መዝጋት ይቀናችኋል፤ እርግጥ እኔም ስልክ ሳይኖረኝ ያንኑ አድርጌያለሁ።

ቂሙ ለቀቀህ ወይ ብትሉኝ፣ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። በየበዓሉ ለወንድሜ እደውላለሁ፣ እሱም ሳይሰለች ያነሳል። ድሮ «አንተ» እያለ ጀርባዬ ላይ ይፈነጥዝ የነበረው ልጅ፣ ከዚያ ፊርማ ወዲህ አንቱ ይለኛል።