«ሲወድቅ አየሁት» እና «ወድቆ አየሁት»

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በመጋዘን ኃላፊነት፣ በንብረት መዝጋቢነት ወይም በሥራ ላይ ደህንነት ክትትል በቅርቡ ሥራ ለጀመራችሁ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመጋዘን ውስጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከጻፍኳቸው የአደጋ ሪፖርቶች መካከል ዛሬም ቃል በቃል የማስታውሰው አንዱን ብቻ ሲሆን፣ የማስታውሰውም በውስጡ ያላየሁትን ነገር እንዳየሁ አድርጌ ስለጻፍኩ ነው።

ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነበር። ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛዬ ተቀምጬ የወጪ ሰነድ እሞላ ነበር። ከኋላዬ አንድ ጫኝና አውራጅ ከስንዴው ክምር ላይ ማዳበሪያ እያወረደ ለጓደኛው ያቀብላል። ከባድ ድምፅ ሰማሁ፤ ስዞር ሠራተኛው ስሚንቶው ወለል ላይ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፣ መሰላሉም አጠገቡ ወድቋል። ሮጬ ስደርስ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ «ከዳኝ፣ ከዳኝ» ይል ነበር። ክንዱን እንዳያንቀሳቅስ አድርገን ወደ ሕክምና ላክነው፤ ማታ ላይ ደግሞ የአደጋ ማሳወቂያ ቅጹን ሞላሁ። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦

«ሠራተኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ የሚይዝለት ሰው ሳይኖር በመሰላል ሲወርድ መሰላሉ ተንሸራቶ ወደቀ። መሰላሉ እንደከዳውም ነግሮኛል።»

በዚያ ምሽት ማንም ሰው «ይህን ሁሉ አይተሃል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ያለ አንዳች ማመንታት «አዎ» እለው ነበር። ልዋሽም አልፈለግሁም። ነገር ግን ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ቃል በቃል ስትመረምሯቸው ከሰዓቱ በቀር በዓይኔ ያየሁት ወይም በጆሮዬ የሰማሁት ነገር የለባቸውም ማለት ይቻላል፤ ሰዓቱንም ቢሆን ከምን እንዳገኘሁት አልጻፍኩም።

መጀመሪያ መሰላሉን እንውሰድ። እኔ ያየሁት ወለሉ ላይ የተጋደመ መሰላል ነው። ሲንሸራተት አላየሁም፤ ሠራተኛው በላዩ ላይ እንደነበረም አላየሁም፤ ጀርባዬ ዞሮ ነበር። የወደቀ ሰውና የወደቀ መሰላል ጎን ለጎን ሲታዩ ልብ ወዲያው ያገናኛቸዋል፤ ከተገናኙ በኋላም ግንኙነቱ ራሱ በዓይን የታየ ይመስላል። በማግስቱ ጓደኛውን ሳነጋግረው፣ መሰላሉ ክምሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ እንደነበረና እሱ ወደ ተጎዳው ለመድረስ ሲሮጥ ገፍቶ እንደጣለው ነገረኝ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ድምፁን ሰምቼ ወዲያው የዞርኩ መስሎኝ ነበርና። የወጪ ሰነዱን አውጥቼ ስመለከት ግን የጀመርኩት መስመር እስከ መጨረሻው ተሞልቷል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በመጋዘን ውስጥ ማዳበሪያ ሲወረወር የሚሰማው ከባድ ድምፅ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ፣ ድምፁን እንደሰማሁ አልዞርኩም፤ መስመሩን ጨርሼ፣ የሰው ጩኸት ስሰማ ነው የዞርኩት። በድምፁና በመዞሬ መካከል የነበሩትን ሰከንዶች ትዝታዬ አጥፍቷቸው ነበር፤ መሰላሉ የወደቀው ደግሞ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ድምፅ ስትጽፉ፣ ድምፁን ስትሰሙ ምን እያደረጋችሁ እንደነበረና ለመዞር ያነሳሳችሁ ምን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነው፤ የሰውን ቃል ለውጫለሁና። ሠራተኛው ያለው «ከዳኝ» ነው። በአማርኛችን ግሱ ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሚሆን፣ «ከዳኝ» ያለ ሰው የከዳው ምን እንደሆነ አልተናገረም። መሰላል ይከዳል፤ እግር ይከዳል፤ ጉልበት ይከዳል፤ የተረገጠ ማዳበሪያም ይከዳል። እኔ በዓይኔ ፊት ያለውን መሰላል ባለቤት አድርጌ ጨመርኩና «ነግሮኛል» አልኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጠይቀው ስሄድ፣ ምንም ሳልጠቁመው «የከዳህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ከክምሩ ጫፍ ላይ ቆሞ እንደነበረና የቆመበት ማዳበሪያ ከእግሩ ሥር እንደሸሸበት ነገረኝ። መሰላሉን በዚያ ሰዓት ከነጭራሹ አልነካውም።

አሁን ይህ ለምን ከቃላት ጉዳይ እንደሚያልፍ ላስረዳችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሆኖም ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከዚህ ውጭ ነው፤ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ደግሞ ሆን ተብሎ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። በዚያ መጋዘን ግድግዳ ላይ «የሚይዝ ሰው ሳይኖር መሰላል ላይ መውጣት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። እኔ «የሚይዝለት ሰው ሳይኖር» ብዬ ስጽፍ፣ ክንዱ የተሰበረውን ሰው ካሳ ሊያስከለክል የሚችል ቃል መጻፌን አላሰብኩም። ያንን ቃል የጻፍኩት ደግሞ ስዞር መሰላሉ አጠገብ የቆመ ሰው ስላላየሁ ብቻ ነው። በሌላ በኩልም ሪፖርቴን ያነበበው ክፍል መሰላሉን አስወግዶ አዲስ ሲገዛ፣ ክምሩ ግን ለቀናት እንደነበረ ቀጠለ፤ ሌሎች ሠራተኞችም በዚያው ጫፍ ላይ መቆማቸውን አላቋረጡም።

ከዚያ ወዲህ የአደጋ ሪፖርት ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው «ወደቀ» ከሚለው ቃል ፊት ባለው ቃል ላይ ነው። እኛ «ወደቀ» ብለን ብቻ ማቆም አይሆንልንም። «አዳልጦት ወደቀ»፣ «ተደናቅፎ ወደቀ»፣ «ተንሸራቶ ወደቀ» እንላለን፤ ያቺ አንዲት ቃል ምክንያቱን ይዛ ትገባለች። አንባቢውም ሆነ ጸሐፊው መግባቷን አይጠረጥሩም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ራሱን ስቶ ወደቀ» የሚለው ነው። ይህ አባባል ሰውየው ሕመም እንዳለበትና መጋዘኑ እንዳልጎዳው ይናገራል፤ «ወድቆ ራሱን ሳተ» ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የመጣችሁት ሰውየው ወለል ላይ ዝም ብሎ ተኝቶ ሳለ ከሆነ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ልታውቁ አትችሉም። ልትጽፉ የምትችሉት «ስደርስ ተጋድሞ ነበር፤ ስጠራው አልመለሰልኝም» የሚለውን ነው።

ደግነቱ ቋንቋችን ልዩነቱን የሚገልጽበት መንገድም አለው። «ሲወድቅ አየሁት» ያለ ሰው መውደቁን ተመልክቷል፤ «ወድቆ አየሁት» ያለ ሰው ከወደቀ በኋላ ደርሷል። ለምስክር ከሁለቱ የትኛው እንደሚስማማው መጠየቅ ከብዙ ጥያቄ ይሻላል። ብዙ ሰው መጀመሪያ «ሲወድቅ» ይልና፣ «እግሩ ሲለቅ ታይቶሃል?» ስትሉት «አይ፣ ድምፁን ሰምቼ ነው» ይላል።

የማረሚያ ሪፖርት ስጽፍ የመጀመሪያውን አልቀደድኩም፤ ከበላዩም አልሰረዝኩም። ቀኑን ጽፌና ፈርሜ ከእሱ ጋር አያያዝኩት። እንዲህ ይነበባል፦

«ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ (ሰዓቱን ያየሁት ወደ መኪናው ስንወስደው በስልኬ ላይ ነው) ጀርባዬን ለክምሩ ሰጥቼ ስጽፍ ከባድ ድምፅ ሰማሁ፤ አልዞርኩም። ጩኸት ስሰማ ዞርኩ። ሠራተኛው በቀኝ ጎኑ ወለሉ ላይ ነበር፤ መሰላሉ አጠገቡ ተጋድሞ ነበር። ሲወድቅ አላየሁትም። ስደርስ ‹ከዳኝ፣ ከዳኝ› ሲል ሰማሁ። ጓደኛው መሰላሉን ሲሮጥ ገፍቶ እንደጣለው በማግስቱ ነገረኝ። ሠራተኛው ከክምሩ ጫፍ ላይ ቆሞ እንደነበረና ማዳበሪያው እንደሸሸበት ከሁለት ቀን በኋላ ነገረኝ። ቆሜበት ነበር ያለው ረድፍ ከወለሉ 1 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ በሜትር ለክቼዋለሁ።»

በመጨረሻው መስመር ላይ ያለውን ልብ በሉ። ከፍታውን የለካሁት እኔ ነኝ፤ እዚያ ቆሞ ነበር የሚለው ግን የእሱ ቃል ነው። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢቀመጡም የማን ዕውቀት እንደሆኑ ተለይተዋል። «ከ1 ሜትር ከ90 ከፍታ ላይ ወደቀ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ በሜትር የተለካው ቁጥር ያልታየውን ውድቀት የታየ ያስመስለው ነበር።

ግምት አትጻፉ እያልኳችሁ አይደለም። መጋዘን የሚያውቅ ሰው ግምት ለመርማሪው ይጠቅመዋል፤ ቦታው ግን ለብቻው፣ መነሻው ከጎኑ ተጽፎ መሆን አለበት። እኔም ከሪፖርቱ ሥር «የእኔ ግምት» ብዬ ጨምሬያለሁ። በዚያ ማዕዘን ላይ ማዳበሪያዎቹ የላይኛው የታችኛውን እንዲያስር አግድምና ቁመት እየተፈራረቁ መደርደር ሲገባቸው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድረው አይቻለሁ። የፕላስቲክ ማዳበሪያ እንደ ቃጫ ጆንያ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ክብደት ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል ብዬ ገመትኩ። አደራደሩን አይቻለሁ፤ መሸሹን ግን አላየሁም። ክምሩ እንደገና እንዲደረደር የተወሰነው ይህ ከተነበበ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከክምሩ ሥር የተቀደደ ማዳበሪያና የተበተነ ስንዴ ነበር። ማዳበሪያው ቀድሞ ተቀዶ፣ ስንዴው ሲፈስ ጎድሎ ሰውየውን ጥሎት ይሆናል፤ ወይም አብሮት ሲወርድ ተቀዶ ይሆናል። ጓደኛውን ጠየቅሁት፣ አላስተዋለም። ሠራተኛውን ጠየቅሁት፣ አያስታውስም። እኔም ከጠዋት ጀምሮ በዚያ በኩል አላለፍኩም። በሪፖርቱ ላይ ያለው «ተቀዶ አየሁት» የሚል ብቻ ነው።