ሰብታይትሉ ከድምፁ ሲቀድም፦ ለኮምቦልቻዋ ጠያቂ

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ዘንድሮ ተመርቄ ደሴ ላለ አንድ ስቱዲዮ ሰብታይትል እሠራለሁ። የአንድ የመንዙማ አዋቂ ሽማግሌ ቃለ መጠይቅ ተሰጠኝ፣ 41 ደቂቃ ይሆናል። ንግግሩ በጽሑፍ ተገልብጦ፣ ደቂቃና ሴኮንዱም ከጎኑ ተጽፎ ነው የመጣልኝ። ሰዓቱን እንዳለ ወስጄ SRT የሚባለውን የሰብታይትል ፋይል አድርጌ ላክሁ። “ጽሑፉ ከድምፁ ይቀድማል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ባሰበት” ብለው መለሱት። ከ600 በላይ መስመር አንድ በአንድ በእጄ እያስተካከልሁ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ክፍያው ለዚህ ሁሉ ድካም አይሆንም። አጎቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊነት አግኝቶልኛል፤ “ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ መዋል ሥራ አይደለም” ይላል። ላፕቶፑ የወንድሜ ነው፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ልተወው?»

አብሽሪ እህቴ። ሥራሽን ከመተውሽ በፊት ያንን ሦስት ሌሊት እንነጋገርበት፤ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። ክፍያው ያነሰሽ ስቱዲዮው ስለሰሰተ ብቻ አይደለም። ሦስት ሌሊት የፈጀው ሥራ ዘዴው ከታወቀ ግማሽ ሰዓት አይወስድም።

መጀመሪያ መለካት ነው። ቪዲዮውን ክፈቺና ሦስት ቦታ ብቻ እዪ፦ መጀመሪያው፣ መሃሉ፣ መጨረሻው። በየቦታው አንድ ጥርት ብሎ የሚሰማ ቃል ምረጪ። ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ሰዓትና ቃሉ በእርግጥ የተሰማበትን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፊ። እንዲህ አገኘሽ እንበል፦ ፋይሉ ላይ 00:00:10 የሚለው ድምፁ 00:00:15 ላይ ተሰማ። 00:20:10 የሚለው 00:20:16.2 ላይ። 00:40:10 የሚለው ደግሞ 00:40:17.4 ላይ። ልዩነቱ 5፣ ከዚያ 6.2፣ ከዚያ 7.4 ሴኮንድ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ውስጥ ሁለት በሽታ አለ። አንደኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለው 5 ሴኮንድ ነው፤ ይህ ጽሑፉ ከተገለበጠ በኋላ ስቱዲዮው ፊት ለፊት ሎጎ ወይም መግቢያ ሲጨምር የሚመጣ ነው። ሁለተኛው እያደገ የሚሄደው ነው። በ20 ደቂቃ 1.2፣ በ40 ደቂቃ 2.4 ሴኮንድ፤ ማለትም ከሺህ አንድ። ይህን ቁጥር ያየ የቪዲዮ ሰው ወዲያው 29.97 ይላል። በሴኮንድ 29.97 ፍሬም የሚቀዳ ካሜራ ነው። አሜሪካ የተለመደ ነው፤ የእኛ ቴሌቪዥን 25 ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ካሜራ በዚያ ልማዱ ይቀዳል። ስክሪኑ ላይ የሚሮጠው ቆጣሪ ግን 30 ፍሬም በሞላ ቁጥር አንድ ሴኮንድ ይላል። ስለዚህ ቆጣሪው 40 ደቂቃ ሲል ትክክለኛው ሰዓት 40 ደቂቃ ከ2.4 ሴኮንድ ሆኗል። ጽሑፉን የገለበጠው ልጅ ያንን ቆጣሪ እያየ ጻፈ፤ አንቺ ደግሞ አምነሽ ወሰድሽው።

VLC ላይ G እና H እየተጫንሽ ማስተካከል እዚህ አያዋጣም። እነሱ ፋይሉን በሙሉ እኩል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፉታል እንጂ አይለጥጡትም፤ መጀመሪያውን ስታስተካክዪ መጨረሻው ያመልጥሻል። ለዚህ Subtitle Edit የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይሻላል። የወንድምሽ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ከሆነ ያለ ችግር ይይዘዋል። Synchronization ውስጥ ገብተሽ Point sync በዪ። የመጀመሪያውን መስመር ምረጪና ድምፁ የተሰማበትን ሰዓት ስጪው፤ የመጨረሻውንም እንዲሁ። ሁለት ነጥብ ይበቃል። በመሃል ያሉትን መስመሮች በሙሉ ፕሮግራሙ ራሱ እያካፈለ ያንቀሳቅሳቸዋል። የመጨረሻ መስመርሽ እንዲህ ከነበረ፦

```
612
00:40:10,000 --> 00:40:13,000
አልሐምዱሊላህ፣ ዘመኑን አየነው።
```

እንዲህ ይሆናል፦

```
612
00:40:17,400 --> 00:40:20,403
አልሐምዱሊላህ፣ ዘመኑን አየነው።
```

ሲያልቅ ሁለቱን ጫፍ አትፈትሺ፤ እነሱማ በእጅሽ የገቡ ናቸው። መሃሉን ፈትሺ። 20ኛው ደቂቃ ላይ ጽሑፉና ድምፁ ከገጠሙ ጨርሰሻል።

ካልገጠሙ ነገሩ ሌላ ነው። ስትለኪ ልዩነቱ እስከ 18ኛው ደቂቃ ልክ 5 ቆይቶ፣ ከዚያ ድንገት 9 ሆኖ እዚያው ከረጋ፣ የፍሬም ጉዳይ አይደለም። ኤዲተሩ እዚያ ቦታ 4 ሴኮንድ ጨምሯል። ልዩነቱ ከቀነሰ ደግሞ ቆርጧል። ያን ጊዜ መለጠጥ ደህናውን ጭምር ያበላሻል። መጀመሪያ Adjust all times ላይ ፋይሉን በሙሉ 5 ሴኮንድ ግፊ። ቀጥሎ ዝላዩ የተፈጠረበትን መስመር ፈልጊና ከእሱ ጀምሮ ያሉትን ብቻ ምረጪ። እዚያው Adjust all times ላይ ለተመረጡት ብቻ የሚለውን ይዘሽ 4 ሴኮንድ ግፊ። ቀስ እያለ የሚያድግ ከሆነ ትለጥጪያለሽ፤ ከዘለለ ትገፊያለሽ። ይህን የለየ ሰው ሌሊት አያድርም።

ከጽሑፍ ወደ SRT ስትሄጂም ከጎኑ የተጻፈውን ሰዓት እንደ ፍንጭ ብቻ ተጠቀሚበት። ጽሑፉን በአጭር በአጭሩ ቆርጠሽ Import plain text በሚለው አስገቢና ሰዓቱን ከድምፁ ራስሽ ስጪ። ስትቆርጪ ማሰሪያ አንቀጹን ብቻውን ወደ ቀጣዩ አታሻግሪ፤ ሽማግሌው «ሄድሁ» ይሁን «አልሄድሁም» ተመልካቹ ሳያውቅ ይቀራል። ከሚሊሰኮንዱ በፊት ነጠላ ሰረዝ እንጂ ነጥብ አይገባም። በአንዱ ሰብታይትልና በቀጣዩ ቁጥር መካከል ባዶ መስመር ይኑር። ኖትፓድ ላይ ስታስቀምጪ UTF-8 መሆኑን እዪ፤ ANSI ካልሽው ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያርፋል።

አሁን ወደ አጎትሽ። እኔ የሰርግ ቪዲዮ እየቆረጥሁ የቤት ኪራይ የከፈልሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ለእሱ ገለልተኛ ዳኛ አልሆንም። ቢሆንም «ተጎልቶ መዋል» ያለው ልክ አይደለም፤ የመጋዘን ጸሐፊም ተቀምጦ ነው የሚውል። ልዩነቱ ደመወዙ ወር በወር መግባቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ አንቺን የሚጠብቅ ወጪ ካለ መጋዘኑን ያዢና ሰብታይትሉን ማታ ሥሪ። ከሌለ ግን «ሰው ምን ይላል» ለሚል ብለሽ አትግቢ። የሚቀጥለውን ሥራ በዚህ ዘዴ ሥሪና የፈጀብሽን ሰዓት ጻፊ። ክፍያውን ለሰዓቱ አካፍዪ። ከጸሐፊነቱ ደመወዝ ላይ ትራንስፖርትና ምሳ ቀንሰሽ በሰዓት ስንት እንደሚመጣ አስዪና ሁለቱን ለአጎትሽ አሳዪው። የሦስት ሌሊቱን ሒሳብ ይዘሽ ግን አትወስኚ።

እንግሊዝኛሽ ለአሁኑ ይቆይ፤ አማርኛ ንግግር በአማርኛ ጽሑፍ የሚፈልግ ሥራ አለ፣ የያዝሽውም እሱ ነው።

ስቱዲዮው ሌላ ሥራ ሲልክልሽ ግን ሳትጀምሪ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ቪዲዮው ያለቀለት ነው ወይ፣ ስንት ፍሬም ነው። ከጀመርሽ በኋላ መግቢያ ቢጨምሩ ወይም ቢቆርጡ ማስተካከያው ለብቻው እንደሚከፈል በቴሌግራም ጽፈሽ «እሺ» አስብያቸው።