ማስታወቂያ ሳይወጣ ለቀጣሪ ባለሙያ ምን ተብሎ ይጻፋል?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቃሊቲ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሲኦሲ ደረጃ 4 አለኝ። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ የመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ የምትቀጥረውን ባለሙያ ሊንክዲን ላይ አገኘኋት። ግን ክፍት ቦታ አላወጡም። ከዚህ በፊት ለሁለት ቀጣሪዎች ‹ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፣ ቦታ ካለ ይተባበሩኝ› ብዬ ጽፌ ነበር፤ ማንም አልመለሰልኝም። አሁን ለዚህችኛዋ ምን ልበላት? ማሽን በየጊዜው የሚያቆም የኢንቨርተር ችግር የፈታሁት እኔ ነኝ፤ እሱንስ የት ላስገባው?»

ወንድሜ፣ እኔ በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ለፋብሪካዎች የጥገናና የምርት ሠራተኛ ስመለምል የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደ አንተ ያሉ መልእክቶች በየሳምንቱ ይደርሱኛል። ስለዚህ ከቀጣሪዋ ወንበር ሆኜ ልንገርህ።

«ቦታ ካለ ይተባበሩኝ» ስትላት ቦታ የለም። ማስታወቂያ እንዳልወጣ አንተም ታውቃለህ። እሷ በራሷ ቦታ መፍጠር አትችልም። አብዛኛው ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ የክፍሉ ኃላፊ የሰው ኃይል መጠየቂያ ይሞላል፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ወይም ፋይናንስ ያጸድቀዋል። ያ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ከሌለ ያላት መልስ «የለም» ብቻ ነው። «የለም» ብሎ መጻፍ ደግሞ ለሰው ይከብዳል፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። ያልመለሱልህ ሁለቱም ንቀውህ አይመስለኝም። ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ አልጠየቅሃቸውም።

«ማንኛውም ሥራ» ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። እኔ ስም የምመዘግበው በሙያ ነው። ኤሌክትሪሽያን ለብቻ፣ መካኒክ ለብቻ፣ የምርት ሠራተኛ ለብቻ። «ማንኛውም» የሚል ሰው የትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ትሑት ለመሆን ብለህ የጻፍከው ቃል ያለህን ደረጃ 4 ሸፈነብህ።

ታዲያ ማስታወቂያ ሳይወጣ መጻፍ ምን ይጠቅማል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ጥያቄው ከጸደቀ በኋላ ብዙ ድርጅት መጀመሪያ የሚለጥፈው የውስጥ ማስታወቂያ ነው፤ በበር በኩል ላለፈ ሰው አይታይም። በዚያን ጊዜ ቀጣሪዋ ከውስጥ ሰው እንደማይገኝ እየጠረጠረች የምታውቃቸውን ስሞች ታስታውሳለች። ሌላው ወቅት ደግሞ የዓመቱ ዕቅድ የሚሠራበት ነው። የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 የሚጀምር ድርጅቶች ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በየክፍሉ ስንት ሰው እንደሚጨመር ይነጋገራሉ። መልእክትህ ሊደርስ የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት ነው። አንተ ቀኑን ማወቅ አትችልም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች። ስለዚህ የምትጠይቃት ይህንኑ ይሁን።

እኔ ብሆን የምጽፍላት ይህን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ ደረጃ 4፣ 6 ዓመት፣ ፒኤልሲና ኢንቨርተር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ድርጅታችሁ የጥገና ሠራተኛ የሚቀጥረው በዓመቱ ዕቅድ ነው ወይስ ቦታ ሲለቀቅ?»

በቃ፣ ከዚህ አትጨምር። ፒኤልሲ ካልሠራህበት ግን አውጣው፤ የሠራህበትን ብቻ አስገባ። ከ«ጤና ይስጥልኝ» ቀጥሎ ስሟን ጨምር፤ የራሷን ስም ብቻ። ሊንክዲን ላይ ሁለተኛው ስም የአባቷ ነው። ከውጭ አገር ናሙና የተገለበጡ መልእክቶች «ወይዘሮ» ብለው የአባት ስም ያስከትላሉ፤ እኔም በአባቴ ስም ስጠራ ከየት እንደተገለበጠ ወዲያው ይገባኛል። ባለትዳር ትሁን አትሁን ስለማታውቅ «ወይዘሮ»ም «ወይዘሪት»ም ይቅር። አክብሮቱን በ«እርስዎ» ትገልጸዋለህ፤ «ድርጅታችሁ» የሚለውም ድርጅቱን እንጂ እሷን አይደለም።

የመኖሪያ ሰፈርህን ያስገባሁት በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ዳር ላለ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ የት እንደሚያድር ትልቅ ጥያቄ ነው። ማሽን ማታ ሲቆም ማን ቶሎ ይደርሳል? የሌሊት ፈረቃ ሲኖር ሰርቪሱ በየት ያልፋል? ከሰሜን ጫፍ ጉለሌ የሚመጣና ከቱሉ ዲምቱ የሚመጣ ሰው ለቂሊንጦ እኩል አይደሉም። አንተ ቅርብ ነህ፤ ይህን በአራት ቃል ነገርካት።

ጥያቄው ደግሞ ሁለት ምርጫ ያለው ነው። ስልኳን ይዛ ሰርቪስ ውስጥ ሆና «ቦታ ሲለቀቅ ነው» ብላ ልትመልስ ትችላለች። ምስጢር አያስወጣትም፣ ቃል አያስገባትም። «ስለ ድርጅታችሁ ሊነግሩኝ ይችላሉ?» የሚል ጥያቄ ግን ድርሰት ያስጽፋል፤ እሱን ማንም አይመልስም።

አሁን ወደ አላላኩ። ገና ስላልተገናኛችሁ መልእክቱ የሚሄደው ከግንኙነት ጥያቄው ጋር በሚላክ ማስታወሻ ነው። በነጻ አካውንት ማስታወሻው 200 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ክፍተትና ነጥብም ይቆጠራል። ከላይ የጻፍኩልህ ስሟ ተጨምሮበት እንኳ 140 አይሞላም። አማርኛ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፤ አንድ ፊደል ከነአናባቢው አንድ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ያው ሐሳብ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 200ን ሊያልፍ ይችላል። ቋንቋውን ለመምረጥ የእሷን ገጽ ተመልከት። የምትለጥፈው በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ ጻፍ።

ስልክ ላይ ተጠንቀቅ። Connect የሚለውን ስትነካ ማስታወሻ ሳይጠይቅህ ባዶውን ሊልከው ይችላል። ገጿ ላይ More ወይም ሦስቱን ነጥቦች ነክተህ Personalize invite የሚለውን ምረጥ። ኮምፒውተር ላይ Add a note ይልሃል። ባዶው አምልጦህ ከሄደ ለማረም ብለህ አትሰርዘው፤ የሰረዝከውን ጥያቄ ለዚያው ሰው መልሰህ ለመላክ እስከ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ይኖርብሃል። እስክትቀበልህ ጠብቀህ ያንኑ ጽሑፍ በመደበኛ መልእክት ብትልከው ይሻላል። ደግሞ በነጻ አካውንት በወር ከማስታወሻ ጋር የምትልካቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ ለማይመለከተው ሰው አታባክናቸው።

ከመላክህ በፊት የራስህን ገጽ አስተካክል። ማስታወሻውን ካነበበች ቀጥሎ የምትነካው ስምህን ነው፤ ከስምህ ሥር ያለው መስመር ሥራ ፈላጊ መሆንህን ብቻ የሚናገር ከሆነ ማስታወሻህ ባዶ ቀረ። መስመሩ ሙያህን ይናገር። እኛ ሰው የምንፈልገው በእንግሊዝኛ ቃላት ስለሆነ እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ VFD ያው ኢንቨርተሩ ነው፦

```
Maintenance Electrician | PLC, VFD | Addis Ababa
```

አሁን ወደ ኢንቨርተሩ እንምጣ። እሱ የሁለተኛው መልእክት ነው፣ የመጀመሪያው አይደለም። ቀጣሪዋ ኢንቨርተር ላታውቅ ትችላለች፤ እሷ መልስ ከሰጠችህ በኋላ ግን የምትጽፈውን ለጥገና ኃላፊው ልታስተላልፈው ትችላለች። ስለዚህ ሁለተኛውን መልእክት ኃላፊው እንደሚያነበው አድርገህ ጻፍ። ምን ይበላሽ እንደነበር፣ ምክንያቱን እንዴት እንዳገኘህ፣ ምን እንዳደረግህ። ለምሳሌ ያንተ ችግር ሞተሩ ሲቆም የሚመጣ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ነበር ብንል እንዲህ ይሆናል፦

«ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። አሁን ባለሁበት ፋብሪካ አንድ ኢንቨርተር ሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ በኦቨርቮልቴጅ መስመሩን ያቆም ነበር። ስህተቱ የሚመጣው በማቆሚያው ሰዓት ብቻ መሆኑን አይቼ የማቆሚያ ጊዜውን አራዘምኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ቦታ ሲለቀቅ ቢያስታውሱኝ ደስ ይለኛል። ሥራ ለመጀመር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጊዜ ያስፈልገኛል።»

የጥገና ኃላፊ ይህን ሲያነብ አዲስ ኢንቨርተር ይገዛ ሳይል መንስኤውን የፈለገ ሰው ያያል። ሞተሩና ጭነቱ በድንገት ሲቆሙ ኃይል ወደ ኢንቨርተሩ እንደሚመልሱ እሱ ያውቃል፤ ማብራራት አያስፈልግህም። ያንተ ጉዳይ ሌላ ከነበረ የራስህን ጻፍ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለዚያ ነው የሚጠይቅህ። አሁን ያለህበትን ድርጅት የማሽን ፎቶ ወይም የቁጥጥር ሰሌዳ ሥዕል ግን አትላክ። የመድኃኒት ፋብሪካ ሰነድ አጠባበቅ ላይ ጥብቅ ነው፤ የሌላውን ያወጣ የእኛንም ያወጣል ብለው ይፈራሉ።

30 ቀኑ ከሕግ የመጣ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ብዙ ሰው «ነገ መጀመር እችላለሁ» ይላል። እኔ ይህን ሳነብ የአሁኑን አሠሪውን ጥሎ የሚመጣ ሰው ነው ብዬ እጠነቀቃለሁ። ቀኑን በግልጽ መጻፍ ይሻላል፤ ለእሷም ዕቅድ ለመያዝ ይመቻታል።

ጥያቄህን ተቀብላ ዝም ብትል አትደንግጥ። ብዙዎቻችን የግንኙነት ጥያቄውን ነክተን ማስታወሻውን እንረሳዋለን። አሥር ቀን ያህል ቆይተህ አንዴ ብቻ «ጥያቄዬን የሚመልሱት የጥገና ኃላፊው ከሆኑ ስማቸውን ቢጠቁሙኝ» ብለህ ጻፍ። ከዚያ በኋላ ተወው። ስልኳን ፈልጎ መደወል ወይም ቴሌግራም ላይ መከተል ስምህን ከዝርዝሩ ያስወጣዋል፤ ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸውን ሰዎች ጎበዝ ቢሆኑም አልጠራኋቸውም።

የመጨረሻው ነገር አሁን ያለህበትን ሥራ ይመለከታል። ሊንክዲን ላይ Open to work የሚለውን ስታበራ ሁሉም ሰው እንዲያየው ወይም ቀጣሪዎች ብቻ እንዲያዩት የሚል ምርጫ አለ። ሥራ ላይ ስላለህ ሁለተኛውን ውሰድ፤ አረንጓዴው ክብ ፎቶህ ላይ አይወጣም። ሊንክዲን የራስህን ድርጅት ቀጣሪዎች ለመከልከል ይሞክራል እንጂ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ገጽህ ላይ የአሁኑ ድርጅትህ ስም በትክክል መመዝገቡን አረጋግጥ፤ መከልከሉ የሚሠራው በዚያ ስም ነው። አለቃህ ጉዳዩን ካንተ በፊት ከሌላ ሰው እንዳይሰማ የምትፈራ ከሆነ ግን ጨርሶ አታብራው፤ ለቂሊንጦዋ ቀጣሪ ማስታወሻህ ብቻውን ይበቃል።